ስምንት ገጽ በአንድ ፎቶ፦ የ11፣ የ22 እና የ36 ጉዳይ

ይህን የምጽፈው አንድ ነገር ስላስገረመኝ ነው። ጓደኛዬ ከ39 የኬሚስትሪ ጥያቄ 36ቱን በትክክል ሠራ። ተማሪዋ ግን መልሱን ተቀብላ ወረቀቷ ላይ ስትሞላው ልክ የሆነው 24 ብቻ ነበር። የቀሩት 12 መልሶች የጠፉት መንገድ ላይ ነው። ኬሚስትሪ አልጎደለንም። የጎደለን ፎቶውን በሥርዓት ማንበብ ነበር። የሰዎቹንም የትምህርት ቤቱንም ስም ትቼዋለሁ።

## ከየት ተነሳን

አራት ኪሎ አካባቢ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ተጋርተን የተከራየናት፣ ተማሪ የምናስጠናባት ጠባብ ክፍል አለችን። እኔ ሂሳብና ፊዚክስ አስጠናለሁ፣ እሱ ኬሚስትሪ። ተማሪዎቻችን ከቀኑ ሰዓት ውጭ የሚያገኙን በቴሌግራም ነው። ጥያቄ ያነሳሉ፣ ይልካሉ፣ እኛ ማታ ማታ እንመልሳለን።

ፎቶውን የላከችልን የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ትምህርት ቤታቸው ለሰኞ የሚመለስ ዎርክሺት ሰጥቷቸዋል። ስምንት ገጽ ነው፣ ሁለት ክፍል አለው። ክፍል አንድ እስከ 40 የሚደርስ ምርጫ፣ ክፍል ሁለት ደግሞ አሥር እውነት ወይም ሐሰት። የራሷ ቅጂ ስለጠፋባት ከክፍል ጓደኛዋ ተዋሰች። አብረው ተቀምጠው እስከ 15 ድረስ ሠራች። ከዚያ ጓደኛዋ ወረቀቷን ይዛ ልትሄድ ስትል፣ ተማሪዋ ቶሎ ብላ ሁሉንም አልጋ ላይ ዘረጋችና አንድ ፎቶ አነሳች።

ለምን አንድ? ጠይቄያት ነበር። «ቲቸር፣ ፓኬጄ ሊያልቅ ነበር፣ ስምንት ፎቶ እንዴት ብዬ ልላክ» አለችኝ። ምክንያቷ ልክ ነው፣ እኔም ብሆን እንደዛው አደርግ ነበር።

(የተማሪ አሳይመንት ትሠራላችሁ ወይ የምትሉ ካላችሁ፣ አይደለም። እሷ የምትፈልገው ራሷ የሠራችውን ማመሳከርና ያልገቧትን ቅዳሜ ክፍል መጥታ መጠየቅ ነበር። መልስ ብቻ መላክ ከጀመርን ግን ይህ ሰበብ ብዙ አያስኬድም፣ እሱንም አውቃለሁ።)

## ፎቶው ላይ ምን ነበር

ሐሙስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ፎቶው ደረሰ። አራት ኤ ፎር ወረቀት፣ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች፣ በአግድም ተዘርግተዋል። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ሁለት ትንንሽ ገጽ ጎን ለጎን አለ። የገጽ ቁጥር የለውም፣ ፎቶ ኮፒው ሲያነሳው የታችኛው ጠርዝ ተቆርጧል።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ዎርክሺቱ መጀመሪያ እንደ ትንሽ መጽሐፍ ታጥፎ መሃሉ ላይ በስቴፕለር የተያዘ ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ስቴፕሉን ነቅሎ እያንዳንዱን ፊት ለየብቻው አነሳው። የታጠፈ ስምንት ገጽ ሲዘረጋ ደግሞ ጎን ለጎን የሚመጡት ተከታታይ ገጾች አይደሉም። ገጽ 8 ከገጽ 1 ጋር ይተኛል። 2 ከ7 ጋር፣ 6 ከ3 ጋር፣ 4 ከ5 ጋር። አራት ወረቀት ወስዳችሁ ሳይሆን ሁለት ብቻ ወስዳችሁ አጥፋችሁ ቁጥር ጻፉበትና ዘርጉት፣ ወዲያው ታዩታላችሁ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ጎን ለጎን ያሉት ሁለት ገጾች ሲደመሩ ሁልጊዜ 9 ይመጣሉ። ለአሥራ ሁለት ገጽ ቢሆን 13 ይሆናል። ከገጹ ብዛት አንድ ይበልጣል ማለት ነው።

ስለዚህ ፎቶው ላይ ከላይ በግራ 8 እና 1 ነበሩ፣ ከላይ በቀኝ 2 እና 7፣ ከታች በግራ 6 እና 3፣ ከታች በቀኝ 4 እና 5። ይህን ሳያውቅ እንደ መጽሐፍ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያነብ ሰው ምን እንደሚደርስበት አስቡት።

ሌላም አለ። ከታች በግራ ያለው ወረቀት በቀኝ ያለው ላይ ትንሽ ተደርቧል፣ የአንድ ጣት ውፍረት ያህል። የሸፈነው ገጽ 4ን ነው፣ ያውም የጥያቄ ቁጥሮቹ የተጻፉበትን ግራ ጠርዝ። ገጽ 4 ላይ ከ18 እስከ 24 ነው ያለው። የአሥር ቤት አሃዞቹ ተሸፍነው የሚታየው 8፣ 9፣ 0፣ 1፣ 3፣ 4 ብቻ ነበር።

ከ1 ቀጥሎ 3። አዎ፣ ጸሐፊው 22ን ዘሎታል። ከ21 ወደ 23 ነው የሚያልፈው። ክፍል አንድ 40 ይበል እንጂ ጥያቄው 39 ነው።

በመጨረሻ ደግሞ ጥራቱ። ስልኳ ያነሳው 4000 በ3000 ፒክስል ነበር፣ እኔ ጋ የደረሰው ግን 1280 በ960 ነው። በወርድ አራት ገጽ አለ፣ 1280 ለአራት ሲካፈል ለአንድ ገጽ 320 ይደርሰዋል። አንድ መስመር ላይ 60 ፊደል ገደማ ካለ፣ ለአንድ ፊደል አምስት ፒክስል አካባቢ ነው። በአምስት ፒክስል ትልቅ ፊደል ይነበባል፣ ትንሿ የላይ ወይም የታች ቁጥር ግን አትነበብም። ኬሚስትሪ ደግሞ ሙሉው በትንንሽ ቁጥር የተሠራ ትምህርት ነው።

## የመጀመሪያው ሙከራ

ጓደኛዬ ዓርብ ከሰዓት ቁጭ ብሎ ሠራው። ስልኩ ላይ እያጎላ፣ እየጎተተ። ሲጨርስ መልሱን አምስት አምስት አድርጎ፣ ቁጥር ሳይጽፍ ላከላት። እንዲህ ያለ ነገር፦

```
D A A C B
```

ይህች አምስተኛዋ መስመር ናት። ተማሪዋ በአምስት ቆጥራ ከ21 እስከ 25 አድርጋ ሞላቻት። 21 D ልክ ነው። 22 A፣ እንዲህ የሚባል ጥያቄ ግን የለም። 23 A በዕድል ልክ ሆነ፣ ምክንያቱም 23ም 24ም መልሳቸው A ነበር። 24 C ስህተት፣ 25 B ስህተት። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ቤት ወደ ኋላ ተንሸራቶ እስከ መጨረሻው ሄደ። ከ23 እስከ 39 ካሉት 17 ጥያቄዎች በአጋጣሚ የገጠሙት አራቱ ብቻ ናቸው።

መንሸራተት ክፋቱ ከሩቅ አለመታየቱ ነው። ሁሉም ሳጥን ተሞልቷል፣ ከአንድ በቀር ሁሉም ከA እስከ D ያለ ፊደል ነው። ስህተቱ የሚጋለጠው ጫፉ ላይ ብቻ ነው። ዓርብ ማታ የመጣው መልእክት ይህ ነበር፦ «ቲቸር የ40ኛውን ረሱት መሰለኝ።»

ጓደኛዬ «ረስቼ ይሆናል፣ D በይው» ብሎ ሊያልፍ ነበር። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ያስጠረጠረኝ 40ው አይደለም፣ ከዝርዝሩ መሃል የተቀመጠች አንዲት X ናት። ምንድን ናት ስለው «ጥያቄው ተሳስቷል፣ ምርጫው ውስጥ መልስ የለም» አለኝ።

መልስ የለውም የሚባል ጥያቄ አለ፣ አይካድም። ግን አንድ ጥያቄ መልስ ሲያጣ፣ ጸሐፊውን ከመክሰስ በፊት የሌላ ጥያቄ ምርጫ ሥር እያየን እንዳይሆን መጠርጠር ይሻላል። ጥያቄው ይህ ነበር፦ በአንድ ሞል Al₂(SO₄)₃ ውስጥ ስንት ሞል የኦክስጅን አቶም አለ? ሦስት ጊዜ አራት፣ 12። እሱ ያየው ምርጫ ግን A 1፣ B 2፣ C 3፣ D 11 ነው።

የሞል ጥያቄ ምርጫ ውስጥ 11 ምን ይሠራል? 1፣ 2፣ 3፣ 11 ሲደረደሩ የሚሸቱት ፒኤች ነው። የ0.001 ሞላር HCl ፒኤች 3 ነው። ተማሪው አሲዱን ከቤዝ ካምታታው 11 ይላል። 11 እዚያ የተቀመጠችው ለወጥመድ ነው።

እንዲህ ብለን ስንፈልግ ፒኤች የሚጠይቀውን አገኘነው፣ 11ኛው ጥያቄ ነው። ግንዱ፣ ማለትም ጥያቄው ራሱ፣ ገጽ 2 መጨረሻ ላይ ቀርቷል፣ ምርጫው ገጽ 3 አናት ላይ ነው። የሞሉ ጥያቄ ደግሞ 36ኛው ነው። ግንዱ ገጽ 6 መጨረሻ ላይ፣ ምርጫው ገጽ 7 አናት ላይ። ፎቶው ላይ ግን ከገጽ 2 ጎን ያለው 7 ነው፣ ከገጽ 6 ጎን ያለው ደግሞ 3። ዓይን ወደ ቀኝ ሲሄድ የሁለቱን ምርጫ አለዋወጠ።

እዚህ ላይ የገረመኝ፣ ከሁለቱ ስህተቶች አንዱ ጮኸ፣ ሌላው ዝም አለ። 36ኛው ላይ 12 ስለጠፋ X ተጻፈ። 11ኛው ላይ ግን ከገጽ 7 የተወሰደው ምርጫ A 3፣ B 4፣ C 7፣ D 12 ነበር። ፒኤቹ 3፣ ምርጫው ውስጥም 3 አለ። ጓደኛዬ A ብሎ አለፈ፣ ምንም አልከበደውም። ትክክለኛው መልስ C ነው። ቁጥሩን በትክክል አውጥቶ ፊደሉን ሳተ።

ቅዳሜ ልጅቷ ስትመጣ ይህን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። «እኔ እኮ C ብዬው ነበር። ቲቸር A ሲሉ አጠፋሁት።»

ላጲሱ ወረቀቱ ላይ ይታይ ነበር።

## እንደገና ስንጀምር

ቅዳሜ ጠዋት ከዜሮ ጀመርን።

መጀመሪያ ፎቶውን አስቀየርን። ወረቀቱ ከእጇ ወጥቷል፣ ዋናው ፎቶ ግን ስልኳ ጋለሪ ውስጥ አለ። ቴሌግራም ላይ በፋይል እንድትልከው ነገርናት፣ በፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ በፋይል ግን እንዳለ ይመጣል። በክፍላችን ዋይፋይ ላከችው። አሁን ለአንድ ገጽ 1000 ፒክስል፣ ለአንድ ፊደል 16 ገደማ ደረሰው። የታች ቁጥሮቹ ተገለጡ።

ቀጥሎ ላፕቶፕ ላይ ስምንት ቦታ ቆረጥነው። መጀመሪያ እያንዳንዱን ቁራጭ «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» ብዬ ሰየምኩት፣ የገጽ ቁጥር አልሰጠሁትም። የቱ ስንተኛ ገጽ እንደሆነ ሳናውቅ 1፣ 2፣ 3 ብለን ከሰየምን ስሙ ራሱ ያሳስተናል።

ከዚያ መደርደር። እዚህ እኔም ተሳሳትኩ። በየገጹ የመጀመሪያውን የጥያቄ ቁጥር ብቻ አይቼ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደርኩ። ከ1 እስከ 4 ያለው ገጽ መጣ፣ ቀጥሎ ከ4 እስከ 10 ያለው፣ ቀጥሎ ከ5 እስከ 11 ያለው። 4 ሁለት ጊዜ፣ ከ5 እስከ 10 ሁለት ጊዜ። ለካ ከ4 እስከ 10 ያለው ገጽ 8 ነው፣ የክፍል ሁለት ማለቂያ። ምርጫ የሌለው እውነት ሐሰት መሆኑን ልብ ብዬ ባየው ኖሮ አልሳሳትም ነበር።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቁራጭ አራት ነገር ጻፍን፦ የየትኛው ክፍል እንደሆነ፣ የመጀመሪያው ቁጥር፣ የመጨረሻው ቁጥር፣ እና ጫፎቹ ሙሉ ናቸው ወይስ የተቆረጡ። አራተኛው ነው የጠቀመን። ገጽ 2 እና ገጽ 6 ሥራቸው ላይ ምርጫ የሌለው ግንድ አላቸው። ገጽ 3 እና ገጽ 7 አናታቸው ላይ ግንድ የሌለው ምርጫ አላቸው። ሁለት ጅራት፣ ሁለት ራስ። የሚገጥሙት በቁጥር ነው፣ በ11 የሚያልቀው በ12 ከሚቀጥለው ጋር፣ በ36 የሚያልቀው በ37 ከሚቀጥለው ጋር። ጎረቤትነት ዋጋ የለውም። ከዚያ የ9 ድምሩን ፈተንን፣ አራቱም ጥንድ ገጠመ። ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

የገጽ 4ን ቁጥሮችም እዚሁ አስተካከልን። የሚታየው የአንድ ቤት አሃዝ ነው፣ 8፣ 9፣ 0፣ 1፣ 3፣ 4። ገጽ 3 በ17 ያበቃል፣ ገጽ 5 በ25 ይጀምራል፣ ስለዚህ 18፣ 19፣ 20፣ 21፣ 23፣ 24። 22 ተሸፍኖ ይሆን ወይስ ከመጀመሪያውም የለም? ተደራቢው ወረቀት የሸፈነው የቁጥሩን ግማሽ ብቻ ነው እንጂ የጥያቄውን ጽሑፍ አይደለም። በ21 እና በ23 መሃል ያለው ክፍተትም እንደሌሎቹ ነው። የለም ብለን ደመደምን፣ ግን ምልክት አድርገንበት እሁድ የወረቀቷን ባለቤት አስጠየቅን። «የኔም ላይ 22 የለም፣ ሁላችንም ጋ የለም» አለች።

## ቁጥሩን አናርም

እዚህ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ተከራከርን። እሱ የፈለገው ሁለቱንም ክፍል ቀጥ አድርጎ ከ1 እስከ 49 እንደ አዲስ መቁጠር ነው። ንጹሕ ይሆናል፣ የተደጋገመ ቁጥር አይኖርም አለ። ሞከርነው። ልጅቷ ግን «45ኛው የቱ ነው?» ማለት ጀመረች። 45 ብሎ የተጻፈ ነገር ወረቀቷ ላይ የለም። እያንዳንዱን ለማግኘት መቀነስ ልትጀምር ነው፣ ለዚያውም 22ን ያላካተተ ቅነሳ። በአሥር ደቂቃ ተውነው።

ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ቢሳሳትም ይሁን ብለን ያዝነው። የሚመልሰውም፣ የሚያርመውም መምህር፣ የክፍል ጓደኞቿም የሚነጋገሩት በዚያ ቁጥር ነው። እኛ የጨመርነው ከፊቱ ክፍሉን ብቻ ነው። «ክ1-4» የምርጫው አራተኛ፣ «ክ2-4» የእውነት ሐሰቱ አራተኛ። የሌለው ቁጥርም ዝርዝሩ ውስጥ የራሱን መስመር አገኘ፦

```
ክ1-11 = C (3)
ክ1-21 = D
ክ1-22 = ጥያቄ የለም
ክ1-23 = A
ክ1-36 = D (12)
```

በቅንፍ ያለውን ልብ በሉት። መልሱ ቁጥር ወይም ቃል ሲሆን ከፊደሉ ጎን ራሱን መልሱን ጻፍነው። ዓርብ እንዲህ ቢሆን ኖሮ፣ 11 ላይ «A (3)» ተጽፎ ይደርሳት ነበር። እሷ የያዘችው «C (3)» ነው። ቁጥሩ አንድ፣ ፊደሉ ሁለት። ላጲስ ከማንሳቷ በፊት ትጠይቀን ነበር ብዬ አስባለሁ። ፊደል ብቻውን ምንም አያስታውስም፣ A ከየትኛው ጥያቄ እንደመጣ አይናገርም።

ዝርዝሩን ከመላካችን በፊት ከየገጹ አንዳንድ ጥያቄ፣ በተለይ የመጨረሻውን፣ ከፎቶው ጋር መልሰን አመሳከርን። መንሸራተት ካለ ከተፈጠረበት በኋላ ሁሉም ላይ ስለሚታይ፣ ሁሉንም መልሶ መሥራት አያስፈልግም። የገጹ የመጨረሻ ጥያቄ ከገጠመ በዚያ ገጽ ውስጥ የተንሸራተተ ነገር የለም ለማለት ይቻላል። በገጽ መሃል አንድ ዘልሎ አንድ ደግሞ ቢደገም ግን ይህ ማመሳከሪያ አይዘውም፣ ለዚያ ቁጥሩን ከመልሱ ጋር አብሮ መጻፍ ነው ያለው።

## ያልተሳካው

27ኛው ጥያቄ አስቸገረን። የOH⁻ መጠን ይሰጥና ፒኤች ይጠይቃል። መጠኑ 10⁻³ ነው ወይስ 10⁻⁸? በዋናው ፎቶም ብናጎላው የማይለይ ነገር ነበር፣ ምክንያቱም ችግሩ የፎቶው አይደለም፣ የፎቶ ኮፒው ነው። የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ላይ 3 እና 8 ወንድማማች ናቸው። ምርጫውም አያድንም፣ B 6 ነው፣ D 11። −3 ከሆነ 11፣ −8 ከሆነ 6። ሁለቱም አሉ። አውጪው ራሱ ሆን ብሎ ያደረገው ይመስል።

ጓደኛዬ ዓርብ 8 ብሎ ገምቶ B ብሎት ነበር፣ ግምት መሆኑን ግን አልጻፈም። ቅዳሜ እንዲህ ብለን ላክን፦ «ክ1-27፦ −3 ከሆነ D (11)፣ −8 ከሆነ B (6)፣ ወረቀቱን እዪ።» እሁድ የወረቀቷ ባለቤት አስጠግታ አንስታ ላከችላት። 3 ነው። D።

ጊዜውም አልተሳካም። አጠቃላዩ ሥራ ጓደኛዬ ዓርብ ብቻውን ከፈጀው ጊዜ እጥፍ ወሰደ። በየቀኑ ለሚመጣ አንድ ገጽ ይህን ሁሉ አናደርግም፣ አያስፈልግምም። ገጽ መቁረጥና አራቱን ነገር መጻፍ የምንጀምረው አንድ ፎቶ ላይ ከሁለት ገጽ በላይ ሲኖር፣ ወይም ቁጥሩ እንደ አዲስ የሚጀምር ሁለተኛ ክፍል ሲኖር ነው።

## ከዚህ የያዝነው

ቁጥር የሌለው መልስ አንልክም። አንድ ጥያቄ ቢሆንም።

«መልስ የለውም» የሚል ነገር ስንጽፍ ቆም እንላለን። ምርጫው ከጥያቄው ጋር አንድ ዓይነት ነገር ይናገራል ወይ? ግራሙ ከግራም፣ ሞሉ ከሞል ጋር ነው ወይ? 36ን ያወጣልን ይህ ነው፣ 11ን ደግሞ 36 አወጣው። 11 ብቻውን ቢሆን ኖሮ እስካሁን A ነበር።

ስንጨርስ ብዛቱን እንቆጥራለን። የወረቀቱ የመጨረሻ ቁጥርና የኛ መልስ ብዛት ካልገጠመ፣ የጎደለውን ጫፍ ላይ አንሞላም። የጠፋው መሃል ነው። «D በይው» ብሎ 40ን መድፈን ማለት 22ን መደበቅ ነው።

ተማሪዎቹን ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ ነው የምንጠይቃቸው፣ ምክንያቱም ብዙ ከጠየቅን ማንም አያደርገውም። በፋይል ላኩ፣ ወረቀት ወረቀት ላይ አትደርቡ። አንድ ፎቶ ይሁን አሥር የራሳቸው ጉዳይ ነው፣ ፓኬጁን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው።

ልጅቷ ሰኞ መለሰች። በሚቀጥለው ሳምንት የባዮሎጂ ላከች። ገጽ በገጽ፣ በፋይል፣ ጥግ ላይ በእስክሪብቶ ቁጥር ተጽፎበት። ገጽ 3 ላይ የግራ አውራ ጣቷ 14 እና 15ን ሸፍኗል።